የሳሎን ጣሪያ ላይ የወጣ እርጥበት፦ ከውሃ መስመር ነው፣ ከፍሳሽ ነው ወይስ ጤዛ?

የአጂፗ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ አጂፕ አካባቢ ነው የምንኖረው። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ታች ሳሎንና ወጥ ቤት፣ ላይ መኝታ ቤቶችና መታጠቢያ ቤት። የሳሎኑ ጣሪያ ላይ የእርጥበት ምልክት ወጥቷል። መጀመሪያ የእጅ መዳፍ ታክል ነበር፣ አሁን ወርዱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ዳሩ ቡናማ፣ መሃሉ ግራጫ ነው። ወንበር ላይ ቆሜ ስነካው ይቀዘቅዛል፣ እጄን ግን አያረጥበውም። ሽታም የለውም።

የሚገርመኝ ቦታው ነው። ከላይ ካለው የሻወር ፍሳሽ ቀዳዳ በታች አይደለም። ወደ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ቢሙ አጠገብ ነው የወጣው። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ ኅዳር ላይ ነን፣ ስለዚህ ከዝናብ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቅዳሜና እሁድ ይጠቁራል፣ በሳምንቱ መሃል ትንሽ ይነጣል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ። ጣሪያ ላይ 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን።

ያመጣነው ቧንቧ ሠራተኛ ቀና ብሎ አየና «የላይኛው ሴራሚክ በሙሉ ይነሳ» አለ። ያን ያህል ወጪ ከማውጣቴ በፊት ከየት እንደሚመጣ በምን ልለይ?

ሲቪል ሄርማታ

ይሄ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን እዪው። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ መዘውር ከዞረች የሚያፈሰው የውሃ መስመሩ ነው። ካልዞረች መስመሩ ነፃ ነው፣ የቀረው ፍሳሽ ወይም ጤዛ ነው። ማንንም ሳትከፍዪ ታውቂዋለሽ።

ቆጪ ሰፈር

የኔም ቤት እንደዚሁ ነው። የጭቃ ቤት ነው፣ በስሚንቶ የተለሰነ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ይረጥባል፣ ልስኑ እየተላጠ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል። ቀለም በቀባን ቁጥር ይፋቃል። ውጭ ቦይ ቆፍረን ጠጠር ከሞላን ወዲህ ቀንሷል። አንቺም ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሪ።

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

የቆጪው ወንድሜ፣ ያንተ ከመሬት የሚሳብ ውሃ ነው። ቦይህ ትክክል ነው፣ ቀጥልበት። የእህታችን ግን ጣሪያ ላይ ነው፣ ቦይ አይደርስላትም።

ሲቪል ያለው ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ጅማ ውስጥ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሮቶ ያለው ቤት ውስጥ ቆጣሪው የሚያየው ከመንገድ እስከ ሮቶ ያለውን መስመር ብቻ ነው። ሮቶው ሲሞላ ተንሳፋፊው ይዘጋል፣ ቆጣሪውም ይቆማል። ከሮቶ ወርዶ ወደ ሻወሩና ወደ ሽንት ቤቱ የሚሄደው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ቢያፈስ ቆጣሪው ወዲያው አያሳይሽም። ፈረቃው ከጠፋማ ጨርሶ አያውቀውም። ስለዚህ ቆጣሪው ቆመ ብለሽ መስመሩን ነፃ አታውጪው።

ሮቶውንም መፈተን ይቻላል። ማታ ሁሉም ሲተኛ ወደ ሮቶ የሚገባውን ቫልቭ ዝጊ። ክዳኑን ከፍተሽ ውሃው የደረሰበትን በማርከር አስምሪ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ተመልከቺ። አንድ ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ አንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ ወደ 10 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ከወረደ ነገሩ ግልጽ ነው። ችግሩ የሚያፈሰው ትንሽ ሲሆን ነው። በሌሊት አንድ ሊትር የሚያፈስ መገጣጠሚያ ሮቶው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ዓይን አያየውም። ያቺው አንድ ሊትር ግን በየቀኑ ስትወርድ ጣሪያ ታበላሻለች።

ስለዚህ እኔ የማምነው ሌላ መንገድ አለ። የውሃ መስመር ሲያፈስ የሚያፈሰው ግፊት ስላለበት ነው፤ ብትታጠቢም ባትታጠቢም ያፈሳል። ፍሳሽ የሚያፈሰው ውሃ ሲደፋበት ብቻ ነው። ጤዛ ደግሞ ሁለቱንም አይጠብቅም፣ እንፋሎትና ቅዝቃዜ ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ ግፊቱንና አጠቃቀሙን ለያይተሽ መፈተን ነው።

ያንቺ ቤት ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል። ዓርብ ማታ ውሃ ይመጣል፣ ቅዳሜ ደግሞ ሁሉም ቤት አለ፣ ገላ መታጠብም ልብስ ማጠብም ያኔ ነው። ቅዳሜ መጥቆሩ ለሁለቱም ይሆናል፤ ለማንም አይመሰክርም።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ዳሩን በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪና ቀኑን አጠገቡ ጻፊ። በዓይን ግምት «የሰፋ መሰለኝ» እየተባለ ስንት ቤት ተሰብሯል። ከዚያ የላይኛውን መታጠቢያ ቤት ዝጉት። ውሃው እንዳለ ይሁን፣ ቫልቭ አትንኩ፣ ግን ማንም እዚያ አይታጠብ፣ ሽንት ቤቱንም አትጠቀሙ። ታች የምትታጠቡበት ካለ በእሱ ተጠቀሙ። ዓርብ ውሃ መጥቶ የሚሄድበትን ሳምንት ሙሉ ጠብቁ። ከእርሳሱ መስመር ካለፈ ግፊት ያለበት ቧንቧ ነው። እየነጣ ከሄደ አጠቃቀም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እርጥበቱ አጠገብ መብራት ካለ የዚያን መስመር ብሬከር አውርዱ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

የአጂፗ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መብራቱ ሁለት ክንድ ይርቃል፣ ቢሆንም አጥፍተነዋል። ሽታ የለውም ብያለሁ፤ እሱ ፍሳሽ አለመሆኑን አያሳይም?

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

አያሳይም እህቴ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሸታል። የሻወር ውሃ ግን ሳሙናና ውሃ ነው፣ በኮንክሪት ውስጥ ተጣርቶ ሲወርድ ምንም ላይሸት ይችላል። ቡናማው ዳርም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ ቡናማ ሲያይ ፍሳሽ ነው ይላል። ንፁህ የቧንቧ ውሃም ሲወርድ ከስሚንቶው፣ ከአቧራውና ከብረቱ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ ሲደርቅ ዳር ዳሩ ላይ ይተወዋል። ቡናማ ዳር የሚነግርሽ ውሃው እየመጣ እየደረቀ መሆኑን ነው። ጤዛን ግን ያርቅልሻል፤ ጤዛ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ዳር አያወጣም። ጤዛ ሰፋ ብሎ ይለብሳል፣ ከዚያ ጥቃቅን ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ያወጣል።

ከቀዳዳው መራቁም አይግረምሽ። ሶሌታሽ በብሎኬት የተሞላ ከሆነ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ነው። ውሃው አንዱ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቢም ሲያጋጥመው እዚያ ቆሞ ይወርዳል። ከምልክቱ በላይ ያለውን ሴራሚክ የሚሰብር ሰው ምንም ሳያገኝ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ጂሬን

የእኔን ልጠይቅ፣ ክሩን እንዳላበላሽ በአጭሩ። ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ ከሥሩ የችፑድ ኮርኒስ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ የለም፣ ቧንቧም በዚያ አያልፍም። ሁለት ሰው ቆርቆሮው ተቀዶ ነው ብሎ ሬንጅ ቀባልኝ። ክረምት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልገባም፣ ዝናቡ ሲያበቃ ግን ጀመረ።

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

ያንተ ጤዛ ነው ብል ብዙም አልፈራም። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ቆርቆሮው ሌሊት ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ማታ የበሰለበት፣ ቡና የተፈላበት፣ ሰው የተኛበት ክፍል እንፋሎት በኮርኒሱ ክፍተት ወጥቶ ቆርቆሮው ሆድ ላይ ውሃ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ ይንጠባጠባል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ማግስት ማለዳ በኮርኒሱ በር ባትሪ ይዘህ ውጣና የቆርቆሮውን ሆድ በእጅህ ዳብሰው። በአንድ ቦታ ሳይሆን በየቦታው የሚረጥብ ከሆነ ቀዳዳ አይደለም። መፍትሔውም ሬንጅ አይደለም፤ ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት በሁለት ወገን መክፈት፣ የወጥ ቤቱን እንፋሎት ደግሞ በመስኮት ማስወጣት ነው።

ቦሳ አዲስ

ሰው ሁሉ ለምን ይጨነቃል? ገበያ ውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ቀለም አለ። ጣሪያውን ከታች ሁለት ጊዜ ቀቢው፣ አለቀ። እኛ ቀብተነዋል።

ሲቪል ሄርማታ

በዚህ አልስማማም። ከታች ስትቀቢው ውሃው መምጣቱን አያቆምም፣ መውጫ ብቻ ያጣል። ሶሌታው ውስጥ ይተኛና ፌሮውን ማዛግ ይጀምራል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ ምንጩ።

ስለ ቆጣሪውም ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ሮቶ የሌለውን ቤት አስቤ ነው የጻፍኩት።

የአጂፗ

ሳምንቱን ጠበቅን። ልጆቹ ታች ባለው ትንሽ መታጠቢያ መጠቀም ደስ አላላቸውም፣ ግን ቻሉት። ዓርብ ማታ ውሃ መጣ፣ ሮቶው ሞላ። ቅዳሜም እሁድም ምልክቱ አልጠቆረም። መሃሉ ነጣ ብሏል፣ ከእርሳሱም ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ሸሽቷል።

ሲቪል ሄርማታ

በቃ፣ ፍሳሽ ነው። መስመሩ ነፃ ወጣ። የፍሳሹ ቧንቧ ይቀየር።

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

ቆይ፣ አትቸኩል። ሁልጊዜ ግፊት ያለበት መስመር ነፃ ወጥቷል፣ ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ቁራጭ ቧንቧ ቀርታለች። ከሻወሩ ሚክሰር ተነስታ ግድግዳው ውስጥ ወደ ላይኛው ራስ የምትወጣዋ። ያቺ ውሃ የምታገኘው ሻወሩ ሲከፈት ብቻ ነው። መገጣጠሚያዋ ከላላ ሰው ሲታጠብ ብቻ ታፈሳለች። ውሃዋ ንፁህ ነው፣ ጠባይዋ ግን እንደ ፍሳሽ ነው። እሷን ሳይፈትኑ የፍሳሽ ቧንቧ ለውጠው የከሰሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለዚህ አሁን አጠቃቀሙን ራሱን ለሦስት ክፈሉት። በእያንዳንዱ መካከል ሁለት ቀን ይለፍ፣ አለዚያ የትኛው እንዳረጠበው አታውቁም።

አንደኛ፣ ሻወሩን ብቻ። ራሱ ላይ ፌስታል እሰሩና ውሃው በቀጥታ ባልዲ ውስጥ ይውረድ። ወለል አይንካ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ አራት አምስት ጊዜ ሙሉና ግቢ ድፉት።

ሁለተኛ፣ ፍሳሹን ብቻ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቁረጡና አፉን ወደ ቀዳዳው አስገቡት። በእሱ በኩል አምስት ባልዲ ውሃ ድፉ። ሴራሚኩ እንዳይረጥብ ቀስ ብላችሁ።

ሦስተኛ፣ ወለሉን ብቻ። ጨርቅ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ጨርቁ ወደ ቧንቧው ወርዶ ይቀመጥ። ከላይ ብቻ ከተለጠፈ የፍሳሹ ብረት ዙሪያ ሳይፈተን ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ፣ በሩ ጋ ካለው ደፍ እንዳያልፍ። ግድግዳው ሴራሚክ ላይ ከፍታውን አስምሩና እስኪነጋ ተዉት።

መርካቶ 2

ውሃው ላይ የምግብ ቀለም ብትጨምሩበትስ? ቀዩ ታች ከወጣ ማስረጃ ይሆናል።

ሲቪል ሄርማታ

ጥሩ ነው፣ ጨምሩበት። ግን ታች ቀይ አልወጣም ብላችሁ ነፃ እንዳታወጡት። ኮንክሪት ቀለሙን ሊያስቀረው ይችላል፣ መንገዱም ረጅም ነው። ከወጣ ያረጋግጣል፣ ካልወጣ ግን ምንም አይነግራችሁም።

የአጂፗ

ሦስቱንም አደረግን። ባለቤቴ ራሱ ነው የያዘው፣ እኔ ታች ሆኜ ጣሪያውን ስጠብቅ ነበር።

ሻወሩን በባልዲ ስናወርድ ምንም የለም። እርሳሱ ጋ አልደረሰም። ፍሳሹን በጠርሙስ ስንደፋም ምንም የለም፤ በማግስቱም በሁለተኛውም ቀን ደረቅ ነበር።

ወለሉ ላይ ውሃ ስናቆም ግን ሌላ ሆነ። ማታ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነበር። ጠዋት ግማሹ የለም። የጨርቁን መድፈኛ አየነው፣ ጥብቅ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ጠቆረ፣ ምልክቱ ከእርሳሱ ወጥቶ ሄደ። ቀዩ ቀለም ታች አልታየም።

ይህ ማለት ሠራተኛው ልክ ነበር? ሴራሚኩ በሙሉ ይነሳ?

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

አንድ ሌሊት ተንኖ የሚጠፋው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ ከጠፋ በርግጥ ወርዷል። ቧንቧዎቹ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የወለሉ ልብስ ነው። ግን ወለሉ ሰፊ ነው፣ የትኛው ቦታ እንደሆነ ገና አታውቁም።

አንድ ፈተና ይቀራል። የሸክላ ጭቃ ወፍራም አድርጋችሁ ለውሱና የፍሳሹን ቀዳዳ ከብቡት። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ከፍታው አራት ጣት። ቀዳዳውን እንደ ቅድሙ ድፈኑ። መጀመሪያ ውሃውን ከቀለበቱ ውጭ ብቻ አቁሙ፣ ውስጡ ደረቅ ይሁን። አስምሩ፣ እደሩ። ካልወረደ ያንን ጥረጉና በሌላ ቀን ከቀለበቱ ውስጥ ብቻ ሙሉ። ጭቃው ራሱ ውሃ እንዳያሳልፍ ሥሩን በደንብ ተጫኑት።

ቦሳ አዲስ

እኔ ብሆን እስካሁን ቀብቼ ቡናዬን እጠጣ ነበር። ግን እየተከታተልኩ ነው፣ ውጤቱን ንገሩን።

የአጂፗ

ከቀለበቱ ውጭ ያቆምነው ውሃ ጠዋት መስመሩ ላይ ነበር፣ የፀጉር ያህል ቢወርድ ነው። ከውስጥ የሞላነው ግን እስከ ምሳ አልቆየም፣ ሙሉ በሙሉ ጠጣው። በባትሪ ጠጋ ብዬ ሳየው በፍሳሹ ብረትና በሴራሚኩ መካከል ያለው ቡያካ በአንድ ወገን የለም። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነው። ብረቱን በጣቴ ስጫነው ይነቃነቃል።

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

ተገኘ። ብረቱ ሲነቃነቅ ዙሪያው ያለው ስሚንቶ ተለቋል ማለት ነው። ሰው ሲታጠብ ውሃው ወደ ቀዳዳው ይሮጣል፣ ከዚያ አብዛኛው ይገባል፣ ትንሹ በብረቱ ጎን ሴራሚኩ ሥር ይገባል። በጠርሙስ ስትደፉ ያልታየው ውሃው ብረቱን አልፎ በቀጥታ ቧንቧው ውስጥ ስለገባ ነው።

በፍሳሹ ዙሪያ ያሉትን አራት ሴራሚክ ብቻ አንሱ። ሥሩ ያለውን የላላ ስሚንቶ እስከ ጠንካራው ድረስ በመሮ አውጡ። ፍሳሹን አውጥታችሁ ቧንቧው ላይ በደንብ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን ሲደርቅ በማይኮማተር ስሚንቶ ሙሉት። ሲደርቅ ከስሚንቶ ጋር የሚሠራውን ዋተርፕሩፍ በሁለት እጅ ቀቡ፣ የመጀመሪያው ሲጠነክር ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ፣ እስከ ፍሳሹ ከንፈር ድረስ ይውጣ። ሴራሚኩን ከመመለሳችሁ በፊት እንደገና ውሃ አቁሙበት። ከሴራሚክ በኋላ ከፈተናችሁ ጥፋት ቢኖር እንደገና ስበራ ነው።

ሲቪል ሄርማታ

እዚህ ላይ ከጋሼ እለያለሁ። በሴራሚኩ ሥር ዋተርፕሩፍ ከመጀመሪያውም ቢኖር ኖሮ በብረቱ ጎን የገባ ውሃ ሶሌታው ውስጥ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ወለሉ በሙሉ ባዶ ነው ማለት ነው። ዛሬ ብረቱ ጋ ነው፣ ነገ በሌላ ቡያካ በኩል ይመጣል። ገንዘቡ ካለ የሻወሩን ወለል በሙሉ ማንሳትና ልብሱን ግድግዳው ላይም ማውጣት ይሻላል። ሠራተኛው ያለው ምክንያቱን ባይናገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

ምክንያትህ ልክ ነው። ግን ከቀለበቱ ውጭ ያለው ወለል ሌሊቱን ውሃ ይዞ አድሯል። ያልታመመውን ቦታ ዛሬ መስበር አያስፈልግም። ሴራሚኩ ሲያረጅና ሊለወጥ ሲሆን ያኔ ሁሉም ይለበስ።

ሲቪል ሄርማታ

አንድ ሌሊት ያዘ ማለት ዓመታት ይይዛል ማለት አይደለም ጋሼ። ለማንኛውም ውሳኔው የባለቤቶቹ ነው።

የአጂፗ

አራቱን ብቻ አስነሳን፣ አሁን ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ የለም። ሥሩ ያለው ስሚንቶ በእጅ የሚፈረፈር ነበር፣ እርጥብ አሸዋ ሆኗል። ከተሠራ በኋላ ውሃ አቁመን አደርን፣ አልወረደም። አሁን መታጠቢያ ቤቱን እንደ ወትሮው እየተጠቀምን ነው። ምልክቱ ከእርሳሱ አልወጣም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። መቼ ነው ቀለም የምንቀባው? ሁለተኛ፣ በዚያው ሳሎን በሌላው ጥግ፣ ከወጥ ቤቱ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ አገኘሁ። ሳጥኑን ስናንቀሳቅስ ነው ያየነው። ይሄም ከዚያው ውሃ ነው?

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

ቀለሙን አትቸኩሉ። ብሎኬቱ ሆድ ውስጥ የቀረ ውሃ ሊኖር ይችላል፣ ገና ጥቂት ሳምንት ይወርዳል። ዕድላችሁ በጋ ነው። ሐምሌ ላይ ቢሆን ኖሮ የጅማ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይደርቅም፣ እንዲህ ያለ ፈተናም ያኔ አያስተማምንም። ግራጫው ጠፍቶ ቡናማው ብቻ ሲቀርና ስትነኩት ከሌላው ጣሪያ እኩል ሲሞቅ ነው ጊዜው። የተላጠውን ፋቁ፣ ምልክቱ ላይ መጀመሪያ ዘይት ቀለም አስነኩት። በውሃ ቀለም ብቻ ከሄዳችሁ ቡናማው ተመልሶ ይወጣል።

የጥጉን ሳላይ አልፈርድም። ቁም ሳጥን ጀርባ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዳር የሌለው፣ ከበስተጀርባው ወጥ ቤት፤ ይህ ሁሉ ወደ ጤዛ ያደላል። ግን በዚያ ግድግዳ ውስጥ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያልፋል?

የአጂፗ

ያልፋል። የእቃ ማጠቢያው መስመር በዚያ ነው የሚሄደው። እንጀራ የሚጋገረውም እዚያው ነው፣ ምጣዱ ከግድግዳው ትይዩ ነው።

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

እንግዲያው ሁለቱም ይቻላል። ነጠብጣቡን አጽዱና ግድግዳውን አድርቁት። ከዚያ ወፍራም ላስቲክ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ቆርጣችሁ አራቱንም ዳር በፕላስተር ግጥም አድርጋችሁ ለጥፉበት። አየር እንዳያስገባ። ሁለት ቀን ጠብቁ፣ በመሃሉ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ይኑር፣ ሳጥኑም እንደ ቀድሞው ይመለስ። ሲነሳ ውሃው በላስቲኩ ፊት ላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ጤዛ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ፣ ግድግዳው በኩል ከሆነ ከውስጥ የሚመጣ ነው።

ጂሬን

ሁለቱም ፊት ከረጠበስ?

የመንደራ ቧንቧ ሠሪ

ይሆናል። ከውስጥ የረጠበ ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ግድግዳ ደግሞ ጤዛ ይስባል። እንዲያ ከሆነ የእቃ ማጠቢያውን ሁለቱንም መስመር፣ የሚያስገባውንም የሚያስወጣውንም፣ ለየብቻ መፈተን ነው። ላስቲኩን ስታነሱ የሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱና እዚህ ለጥፉት።

የአጂፗ

እሺ ጋሼ፣ ነገ እንጀራ መጋገር አለ፣ ዛሬ ማታውኑ እንለጥፋለን።

ቆጪ ሰፈር

ላስቲኩ የጭቃ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ይያዛል? የኔም ላይ ልሞክረው አስቤ ነው፣ ልስኑ ግን ይረግፋል።